የፍተሻ ቅጻችሁ ላይ አንድ መሰላል ይጨመርልን

ለሰሜን ሸዋ ዞን የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች
ግልባጭ፦ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ለዱቄት ፋብሪካና ለእንጨት ሥራ ቤት ባለቤቶች
ደብረ ብርሃን፣ ጥር ወር

ጉዳዩ፦ ጣሪያ ሥር ስለተኛ የዱቄትና የሰጋቱራ ብናኝ

ጤና ይስጥልኝ።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዱቄት ማሽን ጥገና ነው። ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ባሉ ፋብሪካዎች ኩሽኔታ ስቀይር፣ ቺንጋ ስወጥር፣ የተበሳ ቱቦ ስበይድ ኖሬያለሁ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ ቅዳሜና እሑድ የምውለው እዚያ ነው። አንዱ ቤት ነጭ፣ ሌላው ቡናማ ሆኖ ነው እንጂ ሁለቱ ጣሪያ ሥር የተኛው ነገር ያው ነው። የምጽፍላችሁም ስለ እሱ ነው።

የምጠይቃችሁ ነገር ትንሽ ነው። ለፍተሻ ስትመጡ ወለሉን አይታችሁ፣ የእሳት ማጥፊያውን ቀን አንብባችሁ ከመሄዳችሁ በፊት መሰላል አስመጡና ውጡ። የጣሪያውን ብረት፣ የመብራቱን ጀርባ፣ የቱቦዎቹን ትከሻ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን አናት በጣታችሁ ንኩት። ወለል በየቀኑ ስለሚጠረግ እንግዳ ሲመጣ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። የቤቱ እውነት ያለው ከላይ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ከራሴ ታሪክ ልጀምር። ከዓመታት በፊት በአንድ ዱቄት ፋብሪካ፣ ስሙ ይቅርና፣ ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው ጠቅላላ ጽዳት ተባለ። ማሽኑ ቆሟል። እኔ ምድር ላይ ሆኜ ከወንፊቱ የሚወርደውን ቱቦ እበይዳለሁ። ከኔ በላይ ባለው ፎቅ አንድ ልጅ የኮምፕሬሰር ጎማ ይዞ የጣሪያውን ብረት ያራግፋል። ቱቦዎቹ ከፎቅ ወደ ምድር የሚያልፉበት ቀዳዳ ዙሪያው ክፍት ነው፤ ማንም ደፍኖት አያውቅም። ልጁ ከላይ «ጋሼ፣ ዱቄት እየወረደ ነው፣ ዓይንህን!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ቀና ስል በቀዳዳው ነጭ መጋረጃ ይወርዳል፤ የብየዳው ፍንጣሪ ገና አልከሰመም።

ድምፁ እንደ ፈንጂ አልነበረም። ትልቅ ሸራ በነፋስ በአንድ ጊዜ ሲወጠር እንደሚያሰማው «ዋፍ» የሚል ነገር ነው። ቢጫ ነበልባል ከፊቴ ተነስቶ በቀዳዳው ወደ ላይ ሮጠ። የኔ ቅንድብ ተቃጠለ። የልጁ ሁለት እጆችና አንድ ጉንጩ ተላጡ። የመጫኛው ትልቅ በር ለመኪና ወለል ብሎ ተከፍቶ ስለነበር ግፊቱ በዚያ ወጣ፤ ግድግዳው ቆሞ ቀረ፣ እኛም ተረፍን። በር ተዘግቶ፣ ልጁ ደግሞ ሥራውን ከጀመረ ግማሽ ሰዓት ያለፈው ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሰው ባልኖረ።

በማግስቱ ሁለት አዲስ የእሳት ማጥፊያ ተገዛ። ኮምፕሬሰሩን የነካው የለም፣ ቀዳዳውንም የደፈነው የለም። ያን ጊዜ እኔም የተፈጠረው ነገር በደንብ አልገባኝም ነበር፤ «የብየዳ እሳት ነው» ብዬ አለፍኩት። በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያሰብኩት።

ዱቄት ክምር ላይ ክብሪት ብትጥሉበት ጠቁሮ ይጠፋል። ይህን ሁሉም ሰው ስላየው ዱቄት ይፈነዳል ሲባል ይስቃል። ክምሩ የማይነደው አየር የሚያገኘው ላይኛው ገጹ ብቻ ስለሆነ ነው። ያው ዱቄት አየር ላይ ሲበተን ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ዙሪያዋን በአየር ተከብባ ለብቻዋ ትቆማለች፤ አንዷ ስትነድ ጎረቤቷን፣ ጎረቤቷም ቀጣዩዋን በሰከንድ ክፋይ ታቀጣጥላለች። ይህ በተዘጋ ክፍል ወይም በተዘጋ ማሽን ውስጥ ሲሆን የጋለው አየር መውጫ ያጣል። ስለዚህ ለፍንዳታ አምስት ነገር መገናኘት አለበት፦ የሚነድ ብናኝ፣ አየር፣ የእሳት መነሻ፣ ብናኙን የሚበትን ነገር፣ እና የሚያፍን ቤት። ያን ቀን እኛ ጋ አራቱ ሙሉ ነበሩ፤ አምስተኛው በበሩ ምክንያት ጎደለ።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትን ሒሳብ ላሳያችሁ። 20 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 5 ሜትር የሆነ ክፍል አስቡ፤ በአካባቢያችን ለዱቄት ቤት የተለመደ ስፋት ነው። በየቦታው የተኛው ዱቄት ተደምሮ ወለሉን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚያለብስ ይሁን። 200 ካሬ ሜትር በ1 ሚሊ ሜትር ሲባዛ 200 ሊትር ዱቄት ይሆናል። ሳይጠቀጠቅ የተኛ ዱቄት በሊትር ግማሽ ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 100 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ኩንታል ነው። ክፍሉ የሚይዘው አየር 1,000 ሜትር ኩብ ነው። ያ ኩንታል ተነስቶ ቢበተን በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 100 ግራም ይደርሳል። የስንዴ ዱቄት ለመፈንዳት የሚበቃው መጠን ደግሞ በሜትር ኩብ 50 ወይም 60 ግራም አካባቢ ነው። የክፍሉን አየር በሙሉ ወደሚነድ ነገር ለመለወጥ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይበቃል ማለት ነው። ክፍሉ ሁሉ መሙላትም የለበትም፤ አንድ ጥግ ላይ ቢነሳ ያ ጥግ ለመፈንዳት በቂ ነው።

አንድ ሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነ በዓይን ለመገመት ያስቸግራል። አሜሪካኖች በብናኝ ደንባቸው ሲጠቀሙበት የኖሩት ልክ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስምንት የኮፒ ወረቀት ተደራርቦ ማለት ነው። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ከዚህ ይቀላል። መሰላል ላይ ወጥቼ የብረቱ ቀለም ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሰማያዊ ይሁን ግራጫ መለየት ካቃተኝ፣ ወይም በጣቴ ስሜን ጽፌ የሚነበብ ከሆነ፣ የመጥረጊያው ጊዜ አልፏል። አንድ የቆየ ወፍጮ ውስጥ ስሜን ከነአባቴ ጽፌ ቦታ ተርፎኛል።

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልፈነዳም?» የሚል ጥያቄ ከባለቤቶች ዘወትር እሰማለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰው በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ያን ያህል ብናኝ በዘወትር ቀን አይነሳም። በሜትር ኩብ 40 ግራም ብናኝ ሲኖር ሁለት ሜትር ርቀት ላይ የበራ አምፖል እንኳ ለማየት ያስቸግራል፤ እንደዚያ ባለ ቦታ ማንም ቆሞ አይሠራም። ነገር ግን እህሉን ወደ ላይ በሚያወጣው ኤሌቫተር ውስጥ፣ በማጣሪያው ከረጢት ውስጥ፣ ዱቄት በሚወርድበት ማጠራቀሚያ ውስጥ ያ ጭጋግ ማሽኑ በዞረ ቁጥር አለ። የመጀመሪያው ፍንዳታ የሚነሳው እዚያ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ቆርቆሮ ከመቅደድ አያልፍም። ግን ሕንፃውን ያናውጣል። ጣሪያ ሥር ለዓመታት የተኛው ዱቄት ያኔ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ከተቀደደው ማሽን የወጣው ነበልባልም ይደርስበታል። ሰው የሚገድለው ይህ ሁለተኛው ነው።

እ.ኤ.አ. የካቲት 2008 በአሜሪካ ጆርጂያ፣ ፖርት ዌንትወርዝ በሚባል ቦታ በአንድ ስኳር ፋብሪካ የሆነው ይኸው ነው። በማጠራቀሚያዎቹ ሥር የሚሄደውን የስኳር ማጓጓዣ ቆሻሻ እንዳይገባበት ብለው በብረት ሸፈኑት፤ ብናኙን የሚስብ ቬንትሌተር ግን አላደረጉለትም። ክፍት ሳለ የማይጠራቀመው ብናኝ ክዳኑ ውስጥ ታፍኖ ጭጋግ ሆነ። እዚያ የተነሳው ፍንዳታ በየፎቁ የተኛውን ስኳር እያስነሳ ከክፍል ክፍል ተዛመተና 14 ሰው ሞተ። ለንጽሕና ተብሎ የተደረገ ክዳን ነው መነሻው። እኛም ጋ ኤሌቫተር ሲያፈስ ቆርቆሮ መለጠፍ ልማድ ነው፤ እኔ ራሴ ስንቱን ለጥፌያለሁ። መሸፈን ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ የሸፈኑትን ቦታ ብናኝ የሚስብ ነገር አብሮ ካልተገጠመ ጭጋጉን ማሰር ነው።

የእኛን በጋ የሚያስታውሰኝ ሌላ ታሪክ ደግሞ አለ፤ ከሁሉም የቆየው ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 14 ቀን 1785 ጣሊያን ውስጥ ቱሪን ከተማ አንድ የዳቦ ጋጋሪ የዱቄት መጋዘን ፈነዳ። ሞሮዞ የሚባል መኳንንት ነገሩን መርምሮ ጻፈው። አንድ ልጅ በመብራት ብርሃን ከላይኛው ክፍል ዱቄት እየዛቀ ወደ ታች ያወርድ ነበር። የተከመረው ዱቄት ሲናድ ጭጋጉ ተነሳ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መብራት አገኘው። ሞሮዞ ከጻፋቸው ነገሮች ዓይኔን የያዘው ዱቄቱ ከወትሮው በጣም የደረቀ እንደነበር ማመልከቱ ነው፤ በአገሩ ለአምስትና ስድስት ወር ዝናብ አልጣለም ነበር። የኛም በጋ እንዲሁ ነው። ክረምት ላይ የሚያጣብቅ ዱቄት ጥር ላይ እንደ ጭስ ይበራል። ጽዳት የሚበዛውም በዚሁ ወቅት፣ ከበዓል በፊት ነው።

ብርዱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የደብረ ብርሃንን የሌሊት ብርድ ለእናንተ አልነግርም። የሌሊት ሽፍት ሠራተኛ መስኮቱን ይደፍንና ከሰል ምድጃ አቀጣጥሎ ጆንያ ላይ ይቀመጣል። የሚያፍን ቤትና የእሳት መነሻ በአንድ ላይ ማለት ነው። ባለቤቱ «ምድጃ ክልክል ነው» ብሎ ቢለጥፍ ሠራተኛው ይደብቀዋል እንጂ አይተወውም። ከማሽኑ ክፍል ውጭ፣ ግድግዳ የለየው፣ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት የመሞቂያ ክፍል ስጡት፤ ያኔ ምድጃው ራሱ ይወጣል።

አንዳንድ የተማረ ሰው «እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ቀጭን ነው፣ እንደ ቆላ አይፈነዳም» ሲል ሰምቻለሁ። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ የአየሩ ግፊት እንደሚቀንስ እውነት ነው፣ የፍንዳታውም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ነገር ግን በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ ቆላው 21 ከመቶ ነው፣ ክብሪትም ይነዳል። የዱቄት ፍንዳታ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ እስከ 8 ባር ይደርሳል፤ ብረት ያልታሰረበት የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ በ0.2 ባር ይፈርሳል። ከስምንቱ ሩቡ ቢቀነስ ለግድግዳችን ምን ይጠቅመዋል?

አሁን ወደ ኤሌቫተሩ ልመለስ፤ ከማሽኖቹ ሁሉ እሱን የምፈራበት ምክንያት አለኝ። ኤሌቫተር ማለት ባልዲዎች የታሰሩበት ረጅም ቺንጋ በጠባብ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ እየዞረ እህሉን ወይም ዱቄቱን ወደ ላይ የሚያወጣበት ነው። ውስጡ ሁልጊዜ ጭጋግ ነው፣ ሁልጊዜም የታፈነ ነው። የሚጎድለው መነሻ ብቻ ነው። መነሻው የሚመጣው ደግሞ ከሦስት ቦታ ነው፦ ቺንጋው ከመስመር ወጥቶ ቆርቆሮውን ሲፈትግ፣ ሥሩ ተደፍኖ ቺንጋው ቆሞ ላይኛው ፑሊ ብቻውን ሲዞር፣ ወይም ኩሽኔታው ሲበላ። የመጨረሻው ሳይታወቅ ለቀናት ይሄዳል። ላዩ ላይ ዱቄት የተከመረበት ኩሽኔታ ሙቀቱን መጣያ ስለሚያጣ ይበልጥ ይግላል፤ የእህል ብናኝ ሳይበተን በጋለ ነገር ላይ እንደተኛ ከ200 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ያለ ነበልባል መጤስ ይጀምራል።

ድሮ አዛውንት ወፍጮ ሠሪዎች ኩሽኔታውን የሚፈትሹት እንትፍ ብለውበት ነበር፤ ምራቁ «ችስ» ካለ ውኃ ከሚፈላበት ሙቀት አልፏል። እኔ መዳፌን አስቀምጥበታለሁ፤ እስከ ሦስት መቁጠር ካቃተኝ ማሽኑ ይቆማል። ዛሬ በርቀት ሙቀት የሚለካ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ፤ ለአንድ ፋብሪካ አንድ ይበቃል። ቁም ነገሩ የመሣሪያው መኖር አይደለም፤ በየሽፍቱ የሁሉም ኩሽኔታ ሙቀት በመዝገብ መጻፉ ነው። አንድ ኩሽኔታ ትናንት 45፣ ዛሬ 60 ካለ ነገ የሚለውን መጠበቅ አያስፈልግም።

ገንዘብ ያለው ፋብሪካ በታችኛው ፑሊ ዘንግ ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ያስገጥም። ቺንጋው ከተለመደው ፍጥነት አንድ አምስተኛ ሲጎድል ሞተሩን የሚያጠፋው ዓይነት ነው። ከሞተሩ ጋር መጋቢውም እንዲቆም መታሰር አለበት፤ አለበለዚያ የቆመው ኤሌቫተር ላይ እህሉ እየወረደ ይደፍነዋል። የኤሌቫተሩ አናት ከጣሪያ በላይ ከወጣ ደግሞ ግፊት ሲመጣ ቀድሞ የሚቀደድ ስስ ክዳን ሰው ወደማይሄድበት ውጭ ይደረግለት። ያ ክዳን ቤት ውስጥ ከተከፈተ ግን ነበልባሉን ሰው ላይ መልቀቅ ነው፤ ሲገጠም እንዲህ ተደርጎ አይቻለሁ። ወደ ወፍጮው ወይም ወደ ሮለሩ ከሚገባው እህል ብሎንና ሚስማር የሚለቅመው ማግኔትም እንዳይረሳ። በብዙ ቦታ ማግኔቱ አለ፤ በሚስማር ተሸፍኖ መያዝ ካቆመ ግን ቆይቷል። የሚጸዳበት ቀን ይጻፍለት።

የጽዳቱ ነገር ግን ከሁሉም ይቀድማል። የኮምፕሬሰር ጎማ ጣሪያ ለማራገፍ መጠቀም ይቅር፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ኮምፕሬሰር ዱቄቱን ቦታ ያስለውጠዋል እንጂ አያነሳውም፤ እየለወጠ ሳለ ደግሞ ከአምስቱ አንዱን፣ መበተኑን፣ በገዛ እጃችን እናሟላለን። ሥራው የቫክዩም ነው። ያውም ለብናኝ ተብሎ የተሠራ፣ ጎማው ግራውንድ ያለው፤ የቤት ቫክዩም ሞተሩ ራሱ ስለሚፈነጥቅ አይሆንም። ቫክዩም እስኪገዛ ድረስ ለስላሳ ብሩሽና እርጥብ ጨርቅ ይዞ፣ ማሽኑ ቆሞ፣ ብየዳም ግራይንደርም በሌለበት፣ ከላይ ወደ ታች በየሳምንቱ ማንሳት ይቻላል። በዓመት ሁለቴ ተጠራቅሞ በአንድ ቀን የሚወርደው ነው አደገኛው።

የብየዳውን ነገር ከተላጠው ልጅ ጉንጭ ተምሬያለሁ። አሁን የምበይደው በወረቀት ተፈርሞልኝ ነው፤ ካልተፈረመልኝ ቶርቹን አላነሳም። ከመጀመሬ በፊት ዙሪያው 11 ሜትር ይጸዳል፣ በወለሉ ያለው ቀዳዳ ሁሉ በእርጥብ ጆንያ ይደፈናል፣ ከላይና ከታች ፎቅ የሚሠራ ሰው ይወጣል፤ ስጨርስም አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ሰዓቱ ነው ሰውን የሚያስቸግረው። ሥራ ያለቀ ስለሚመስል ጠባቂው ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል፤ ቱቦ ውስጥ የቀረች ፍም ደግሞ የምትነሳው ሁሉም ሻይ ላይ እያለ ነው።

ወደ ወንድሜ ቤት ልለፍ። ይህን ሁሉ ስነግረው «እኔ የምሠራው ባሕር ዛፍ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ምን ይፈነዳል?» አለኝ። ግማሹን አልተሳሳተም። ከእርጥብ ግንድ በመጋዝ የወጣ ወፍራም ሰጋቱራ ለመፈንዳት አይመችም፤ እርጥበቱም የቅንጣቱ ወፍራምነትም ይከለክለዋል። ከፒያላ የሚወጣው ቅርፊትም ይነዳል እንጂ አይፈነዳም። አደገኛው በብርጭቆ ወረቀት ማሽን የሚወጣው ነው፤ በተለይ ኤምዲኤፍ ከሚባለው የተጨመቀ ጣውላ የሚወጣው። እሱ እንደ ዱቄት የላመ፣ እንደ ዱቄት የደረቀ ነው። በጣታችሁ ስታሹት የእንጨት ስሜት የሌለው፣ እንደ ታልክ የሚያንሸራትት ብናኝ ካገኛችሁ ያ ነው። እሱ ደግሞ ወለል ላይ አይቀርም፤ ቀላል ስለሆነ ሄዶ የሚያርፈው ቆርቆሮው ሥር ነው።

ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ጥር እና ሚያዝያ 2012 በሦስት ወር ልዩነት ሁለት መጋዝ ቤቶች ፈነዱ፤ በእያንዳንዳቸው ሁለት ሠራተኛ ሞተ። ይሰነጥቁ የነበረው በጥንዚዛ ተበልቶ ቆሞ የደረቀ ጥድ ነው። ለዓመታት እርጥብ ግንድ ሲሰነጥቅ ምንም ያልሆነ ቤት፣ ግንዱ ሲደርቅ ብናኙ ላመ፣ በዛም። መነሻው በሁለቱም ከሚሽከረከር መሣሪያ ፍትጊያ የመጣ ሙቀት ነበር። ስለዚህ ወንድሜን የጠየቅኩት «ዘንድሮ ምን ትሠራለህ?» ብዬ ነው። ኤምዲኤፍ በር ነው የሚሠራው። ከኮንዶሚኒየም ጋር የመጣ ትዕዛዝ ነው።

ሰጋቱራ ሳቢው ቬንትሌተር ከነከረጢቱ ቤት ውስጥ፣ ከማሽኖቹ መካከል ቆሟል። ክብ መጋዝ ሚስማር ሲመታ የሚወጣው ፍንጣሪ በቱቦው በቀጥታ የሚሄደው ወደዚያ ከረጢት ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ቤቱን ስንከፍት የተቃጠለ እንጨት ሽታ ተቀበለን፤ የከረጢቱን ሥር ስነካው ይሞቃል። ቅዳሜ የገባ ፍም እሑድን ሙሉ ሲጤስ ከርሟል። ወንድሜ የመጀመሪያ ሐሳቡ አፉን ፈቶ ውጭ ማራገፍ ነበር። እጁን ይዤ አስቆምኩት።

እዚህ ላይ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ልብ በሉልኝ። ያለ ነበልባል የሚጤስ ሰጋቱራ ወይም ዱቄት ሲገኝ ክዳኑን መክፈት፣ ማራገፍ ወይም ጠንካራ የውኃ ግፊት መልቀቅ ማለት ፍም፣ አየርና የተበተነ ብናኝን በአንድ ቅጽበት ማገናኘት ነው። የዱቄት እሳት ማጥፊያውንም ቅርብ ሆኖ በቀጥታ ክምሩ ላይ መንፋት ያው ነው። እኛ ያደረግነው ቬንትሌተሩ እንዳይነሳ ቆጣሪውን መዝጋት፣ ሰው ማስወጣት፣ ከዚያ ለአትክልት በምትረጭ ፓምፕ ከርቀት ከላይ በካፊያ ማራስ ነበር። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ጎረቤት «በአንድ ባልዲ ውኃ የሚያልቀውን!» እያለ ቆሞ ይስቅብን ነበር። ከረጢቱ ቀዝቅዞ ሲከፈት መሐሉ ላይ የጭንቅላት ያህል ጥቁር ከሰል ተገኘ።

አሁን ከረጢቱ ውጭ ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ፣ ከላዩ ቆርቆሮ ጥላ ብቻ አለው። የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ የነበረው በቆርቆሮ ቱቦ ተቀይሮ ከማሽኑ ጋር በመዳብ ሽቦ ታስሯል፣ ግራውንድም ወርዶለታል። ከረጢቱ በየቀኑ ማታ ይወጣል፤ ማደር ክልክል ነው። ለዚህ ሁሉ ያወጣው ወጪ ከአንድ የኤምዲኤፍ በር ትዕዛዝ ትርፍ አይበልጥም።

የሰፈር ወፍጮ ቤቶችን በዚህ ደብዳቤ ያላነሳኋቸው ረስቻቸው አይደለም። ጤፍና ሽሮ የምታስፈጩበት ባለ አንድ ዲናሞ ቤት በሩ ክፍት፣ ኤሌቫተር የሌለው ነው፤ ለእሳት እንጂ ለፍንዳታ ብዙ አይመችም። የፍተሻ ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ እነሱን አቆዩና ኤሌቫተር ያለበትን፣ ብርጭቆ ወረቀት ማሽን ያለበትን ቤት አስቀድሙ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሥራው በጤናና በደህንነት ላይ ጉዳት እንዳያደርስ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። አዲስ ሕግ አልጠየቅኩም። የምጠይቀው ቅጻችሁ ላይ እነዚህ እንዲጻፉ ነው፦ የጣሪያው ብረት ቀለሙ ይታያል ወይ? ጽዳቱ በምንድን ነው? የብየዳ ፈቃዱ መዝገብ የታለ? የኤሌቫተሩ ኩሽኔታዎች ሙቀት ትናንት ስንት ነበር? የሰጋቱራው ከረጢት የት ያድራል? መልሱን ከባለቤቱ አትጠይቁ። ጽዳቱን የሌሊት ሽፍቱ ያውቃል፣ ኩሽኔታውን ዘይት የሚቀባው ልጅ ያውቃል፤ የቀረውን መሰላሉ ላይ ሆናችሁ ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

መሰላል የሌለው ፋብሪካ ካጋጠማችሁ የኔ አራት ሜትር ይደርሳል። ወንድሜ ጋ በሩ ሥር ተጋድሟል፤ ከቅዳሜ በስተቀር ማንም አይፈልገውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዱቄት ማሽን ጥገና ሠራተኛ